የሁለት ሰዓት ሌክቸርን ለ11ኛ ክፍል በ20 ደቂቃ ማቅረብ፦ የድንቅነሽ ዕድሜ እንዴት ታወቀ?

ጥያቄ፦ «በዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ስለ ድንጋይ ዕድሜ አለካክ የሁለት ሰዓት ሌክቸር አለኝ። አሁን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የድንቅነሽ ዕድሜ እንዴት እንደታወቀ በ20 ደቂቃ እንዳስረዳ ጠይቆኛል። ቀመሮቹን በሙሉ አውጥቼ ስላይዶቹን ከ58 ወደ 15 አወረድኳቸው። ስለማመደው ግን አንዳንዱ ቦታ የማይገባ፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ውሸት የሆነ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የስላይዶቹ ቁጥር ከችግሩ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። የሁለት ሰዓቱ ሌክቸር እርስ በርሱ የተያያዘ ሰንሰለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ድምዳሜ መሀል ላይ በተጻፈው ቀመር፣ ቀመሩ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በተነገረው ቅድመ ሁኔታ ላይ ይደገፋል። ከሰንሰለቱ መሀል እየመረጡ ሲያወጡ ድምዳሜዎቹ ይቀራሉ፤ የተደገፉበት ነገር ግን አብሮ ይወጣል። አድማጩ የቀረውን እንዲሁ አምኖ ከመቀበል በቀር ምርጫ ስለሌለው «አይገባም» ይላል። እርስዎ ደግሞ የወጣው ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ውሸት ይመስልዎታል። ሁለቱም ስሜቶች የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ ግምት አለ። ብዙዎቻችን ትክክለኛነት በቀመሩ ውስጥ ያለ፣ ቀመሩ ሲወጣ አብሮ የሚጠፋ አድርገን እናስባለን። አንድ አባባል እውነት የሚሆነው ግን አብሮት ባለው ገደብ ነው፤ ምን እንደተለካ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተቆጠረ፣ በምን ሁኔታ እንደማይሠራ አብሮ ሲነገር ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ ያለ አንዲት ቀመር በአማርኛ መናገር ይቻላል። ስለዚህ የሚቀነሰው የነጥቦቹ ቁጥር መሆን አለበት እንጂ የነጥቦቹ ገደብ አይደለም። ዘጠኝ ነጥብ ከነገደቡ በ20 ደቂቃ ስለማይገባ ሦስት ይምረጡና ሦስቱን ከነሙሉ ገደባቸው ይናገሩ። ለምርጫው የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ተማሪው ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእርስዎን ሙሉ ሌክቸር ሲሰማ ዛሬ በያዘው ላይ ይጨምርበታል ወይስ ያፈርሰዋል? የሚጨመርበት ከሆነ አጭር ቢሆንም ትክክል ነው። የሚፈርስ ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር መነገር የለበትም።

ስላይዶቹን ለጊዜው ይዝጉና በባዶ ወረቀት ላይ ተማሪዎቹ ወደ ቤት ይዘውት እንዲሄዱ የሚፈልጓቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። ለዚህ ርዕስ እኔ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የተለካው አጽሙ ሳይሆን ከአጽሙ አጠገብ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው የካርበን ዘዴ ለድንቅነሽ ፈጽሞ አይሠራም። ሦስተኛ፣ በአመዱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ያለው ፖታሺየም በጣም በዝግታና በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ የተጠራቀመው አርጎን ጊዜውን ይነግረናል። ሌላው ሁሉ፣ እርስዎ በጣም የሚወዱት ክፍል ጭምር፣ ከእነዚህ አንዱን የሚደግፍ ካልሆነ ይውጣ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ድንቅነሽ በአፋር ሐዳር ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገኘች። ተማሪዎቹ በመጽሐፍ 1974 የሚል አይተው ሊሆን ስለሚችል ያ የእኛው 1967 መሆኑን በአንድ ቃል መናገር አይከፋም። ከተገኘችበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ የቃዳ ሐዳር የአመድ ንብርብር የሚባል አለ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሚል ውጤት የተገኘው ከዚህ አመድ ነው። ድንቅነሽ ከአመዱ በላይ ስላለች ከ3.18 ሚሊዮን ጥቂት ታንሳለች። ከእሷ ከፍ ብሎ ደግሞ 2.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ሌላ አመድ ስላለ ከዚያ ትበልጣለች። ለታችኛው አመድ በጣም ስለምትቀርብ ነው ቁጥሩ 3.18 ወይም ተጠጋግቶ 3.2 ሚሊዮን ተብሎ የሚነገረው።

ይህን ለማስረዳት በመሶብ የተደራረበ እንጀራ በቂ ነው። የታችኛው እንጀራ ቀድሞ እንደተጋገረ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሦስተኛው እንጀራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ስምንተኛው 3 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣቱ ከታወቀ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል የጋጋሪዋ ቀለበት ወድቆ ቢገኝ ቀለበቱ የወደቀው በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ነው። ቀለበቱን ራሱን ማንም አልለካውም፤ የታወቀው የእንጀራው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ምሳሌው የት ላይ እንደሚያበቃ ራስዎ ይናገሩ። ቀለበቱ የተሠራው ከመውደቁ ብዙ ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እንጀራው የሚነግረን የወደቀበትን ጊዜ ብቻ ነው። አጽምም እንዲሁ ነው፤ ንብርብሩ የሚነግረን አጽሙ የተቀበረበትን ጊዜ ነው። ወንዝ ከሌላ ቦታ አጥቦ ያመጣው አጥንት ቢሆን ኖሮ ያሳስተን ነበር፤ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሜዳ ላይ የሚመረምረውም ይህንኑ ነው። በምሳሌው ድንበር ላይ የሚያጠፉት ግማሽ ደቂቃ የባከነ አይደለም፤ ተማሪው ከዚያ በኋላ በሌላ ምሳሌ ላይም ድንበሩን ራሱ መፈለግ ይጀምራል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስለማይሠራ ዘዴ ነው፤ በ20 ደቂቃ ንግግር ስለማይሠራ ነገር ማውራት ብክነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አላወጣውም። ክፍል ገብተው «የድንቅነሽ ዕድሜ በምን ታወቀ?» ብለው ቢጠይቁ ከሚያነሱት እጆች አብዛኞቹ «በካርበን» ይላሉ። ይህን ግምት ሳይነኩ ስለ ፖታሺየም ቢያወሩ ተማሪው ሁለቱን ይቀላቅላቸውና «በካርበን ውስጥ ባለው ፖታሺየም» ብሎ ይወጣል። ይህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ካርበንን ለማስወገድ የሳንቲም ጨዋታው ጥሩ ነው። 40 ተማሪዎች ይቆማሉ፣ እያንዳንዳቸው ሳንቲም ይወረውራሉ፣ አንበሳ የወጣላቸው ይቀመጣሉ። በአንድ ውርወራ ወደ 20፣ በሁለት ወደ 10፣ በሦስት ወደ 5 ይወርዳሉ፤ ስድስተኛው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቢገኝ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ውርወራ የሚወክለው ካለው ካርበን-14 ግማሹ የሚለወጥበትን 5,730 ዓመት መሆኑን ይንገሯቸው። ዘጠኝ ያህል ውርወራ፣ ማለትም 50 ሺህ ዓመት ገደማ ሲያልፍ የቀረው ካርበን-14 በአስተማማኝ ሁኔታ ለመለካት ያንሳል። ለድንቅነሽ 555 ውርወራ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ 3.18 ሚሊዮንን ለ5,730 ራሳቸው ያካፍሉት፤ በስልካቸው ቢሆንም ግድ የለም። አንድ ሰው በሕይወቱ በሰውነቱ ውስጥ የሚይዘው ካርበን-14 በሙሉ 50 ጊዜ ያህል በግማሽ ሲቀነስ አንዲት አተም ያህል ትቀራለች፤ 555 ጊዜ ሲቀነስ የሚለካ ነገር የለም። አንድም ቀመር ሳይጻፍ የዘዴው ወሰን ታየ ማለት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ የአማርኛው ቃል ወጥመድ አለው። «ሀፍ ላይፍ»ን ቃል በቃል «ግማሽ ዕድሜ» ብለው ከተረጎሙት ተማሪው የሙሉው ዕድሜ እኩሌታ አድርጎ ይወስደዋል፤ ግማሹ 5,730 ከሆነ ሙሉው 11,460 ነው፣ ከዚያ በኋላ ካርበኑ አለቀ ይላል። ሒሳቡ በራሱ ትክክል ስለሆነ ስህተቱ ለእሱ አይታየውም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመጽሐፋቸው ያለውን ቃል እንዳለ ይጠቀሙና «ካለው ላይ ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ፣ ከዚያም ከቀረው ላይ ግማሹ» ብለው አንድ ጊዜ በአማርኛ ያስረዱ። እንዲሁም «ይበሰብሳል» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ የበሰበሰ ድንች እንጂ የተለወጠ አተም አይታያቸውም። «ይለወጣል» በቂና ትክክል ነው። አዲስ የአማርኛ ሙያዊ ቃል ለመፍጠር ደግሞ 20 ደቂቃ ቦታው አይደለም፤ ተማሪው ቃሉን የትም መልሶ አያገኘውም።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የንግግሩ ልብ ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይስጡት። የሳንቲሙን ጨዋታ ግን ወደዚህ ይዘውት አይምጡ። የፖታሺየም-40 ሀፍ ላይፍ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከድንቅነሽ ጀምሮ እስከ ዛሬ የአንዱ ውርወራ 400ኛ ክፍል እንኳን በጭንቅ አልፏል። ሳንቲሙን ከደገሙት ተማሪው በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሺየም ግማሽ በግማሽ እየሆነ ያለቀ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለ። ጎበዝ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄም እዚህ ላይ ይመጣል፦ ያን ያህል ቀርፋፋ ከሆነ እንዴት ይለካል?

ለዚህ ጤፍ ይዘው ይግቡ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ከግራም ሲሶ ገደማ ስለሚመዝን 10 ሺህ ፍሬ 3 ግራም ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳን ሙልት አይልም። በማንኪያ ላይ ያለው ነጭ ጤፍ በክሪስታሉ ውስጥ መጀመሪያ የነበረ 10 ሺህ የፖታሺየም-40 አተም ነው ይበሉ። በ3.18 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ውስጥ የተለወጡት 18 ብቻ ናቸው። ከ18ቱ ደግሞ 16ቱ ካልሲየም ሆነዋል፣ አርጎን የሆኑት 2 ናቸው። ቀድመው ቤት ውስጥ ለክተው፣ 18 ፍሬ ለይተው በጥቁር ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ከእነሱ ሁለቱን በቀይ ጤፍ ይተኩ። ከኋላ የተቀመጠው ስለማያይ ወረቀቱን በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው በክፍሉ ውስጥ ያዙሩት። ከማንኪያ ሙሉ ጤፍ ውስጥ ሁለት ቀይ ፍሬ ፈልጎ መቁጠር ማለት ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩታል፤ ላቦራቶሪ የሚሠራው ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው።

በጤፉ ላይ ያስገባሁትን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አብዛኛው አጭር ገለጻ «ፖታሺየም ወደ አርጎን ይለወጣል» ብሎ ያልፋል። አርጎን የሚሆነው ግን ከዘጠኙ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ካልሲየም ይሆናል። ይህን ለመጨመር የሚያስፈልገው አንድ ሐረግ ነው፤ ካልተጨመረ ግን ተማሪው በኋላ ያወቀውን ማፍረስ ይኖርበታል። ካልሲየሙን ለምን እንደማንቆጥር ከጠየቁ መልሱ ቀላል ነው፦ በክሪስታሉ ውስጥ ከመጀመሪያውም ካልሲየም ስለሚኖር አዲሱን ከአሮጌው መለየት ያስቸግራል። አርጎን ግን ጋዝ ስለሆነ ማግማው ቀልጦ ሳለ ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ቆጠራው ከባዶ የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

ይህን «ከባዶ መጀመር» ለማስረዳት ከዓመታት በፊት ክዳን ያለው ድስት እጠቀም ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲፈላ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሲከደን ይጠራቀማል እያልኩ። አድማጮቼ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ስለነበር ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ቆየሁ። አንድ ቀን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ቢውል አርጎኑ ቶሎ ቶሎ ይመረታል ማለት ነው?» አለችኝ። ድስቱ ውስጥ እንፋሎቱን የሚያመርተው እሳቱ ነው፤ እሷም ያልኩትን በትክክል ተከትላ የተሳሳተ ቦታ ደረሰች። ፖታሺየም የሚለወጥበት ፍጥነት በሙቀት አይጨምርም፣ በቅዝቃዜም አይቀንስም፤ ሰዓት አድርገን የምንጠቀምበትም ስለዚህ ነው። ድስቱ ያበላሸው የዘዴውን ዋና መሠረት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምለው ስለ ቤትና በር ነው። ክሪስታሉ በጣም ሲሞቅ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጥ የተሠራው አርጎን ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፣ የሚሠራው ሁሉ ውስጥ ይቀራል። ሥራው በሩ ተከፈተም ተዘጋ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ይህ ምሳሌ የዘዴውን ድክመትም በውስጡ ይዟል፦ ክሪስታሉ በኋላ ዘመን እንደገና በኃይል ከሞቀ በሩ ይከፈታል፣ ከአርጎኑ ከፊሉ ያመልጣል፣ ዕድሜው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ የምወስደው ምክር አንድ ነው። ማንኛውንም ምሳሌ ከማቅረብዎ በፊት «አድማጩ ይህን ምሳሌ አንድ እርምጃ ወደፊት ቢገፋው የት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። በጭንቅላት መነቅነቅ አይመኑ፤ ምሳሌ መግባቱን የሚያሳየው ተማሪው ከምሳሌው ተነስቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደሚወጡት ነገሮች እንምጣ። ናሙናው በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ገብቶ ከፖታሺየሙ ከፊሉ አርጎን-39 እንዲሆን መደረጉ፣ ከከባቢ አየር የገባውን አርጎን መቀነስ፣ አይሶክሮን፣ የመለኪያ ናሙናዎች፣ የስህተት ስሌት፤ እነዚህ ሁሉ ይውጡ። ሲወጡ ግን ቦታቸውን በውሸት አይሙሉት። «ሳይንቲስቶች በልዩ መሣሪያ አዩት» የሚለው ምንም የማይናገር ዓረፍተ ነገር ነው። «አንዲትን ክሪስታል በሌዘር አቅልጠው የወጣውን ጋዝ ይቆጥራሉ፤ ፖታሺየሙንም ከዚያው ጋዝ ለማወቅ የሚያስችል ብልሃት አለ፣ እሱን ዩኒቨርሲቲ ትማሩታላችሁ» የሚለው ግን አጭር ሆኖ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። እንደተዘለለ ተናግሮ መዝለል ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚሆነው ያልተዘለለ አስመስሎ ማለፍ ነው።

ከስህተት ስሌቱ ግን አንዲት ፍሬ ታስቀር። በ1994ቱ ጥናት የአመዱ ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ሲደመር ወይም ሲቀነስ 10 ሺህ ዓመት ነው። ተማሪው 10 ሺህ ሲሰማ ትልቅ ይመስለዋል፣ በሰው ታሪክ ሲታይም ትልቅ ነው፤ ከ3.18 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን ከ300 አንድ ያህል ነው። በ100 ሜትር ሩጫ ሜዳ ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ የሚል ማለት ነው። ይህን ካልተናገሩ ተማሪው ወይ ቁጥሩን ፍጹም አድርጎ ይወስደዋል፣ ወይ «እነሱም የሚገምቱት ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ከንግግሩ ውጭ ለጥያቄ ጊዜ ብቻ ተዘጋጅተው ይያዙ የምላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው «አሮጌ ክሪስታል ከአዲሱ አመድ ጋር ቢቀላቀልስ?» የሚለው ነው። ይህ በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው፤ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ከመንገዱ ያነሳው ወይም ወንዝ ያመጣው የቆየ ክሪስታል ይገባል፣ ዕድሜውንም ወደ ላይ ይጎትታል። ክሪስታሎቹን አንድ ላይ ከመፍጨት ይልቅ አንድ በአንድ የሚለኩት ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ቁጥር ሲሰጡ ለብቻው አሮጌ ሆኖ የወጣው ይለያል።

ሁለተኛው «ድንቅነሽ የሁላችንም እናት ናት?» የሚለው ነው። የተለካው የአመድ ዕድሜ ስለ ዘር ሐረግ ምንም አይናገርም። ድንቅነሽ ራሷ ልጅ ትውለድ አትውለድ፣ ዘሯ ይቀጥል አይቀጥል ማንም አልለካም፤ ከሁሉም የቆየችም አይደለችም፣ ከዚያው ከአዋሽ ተፋሰስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት። ሦስተኛው ከእምነት ጋር የሚነሳው ጥያቄ ነው፤ አይሽሹት፣ ክርክርም አያድርጉት። ምን እንደተለካ፣ እንዴት እንደተለካና ልኬቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ይንገሯቸው። ቁጥሩን ለማለስለስ ብለው «ይባላል» ማለት ግን የለብዎትም፤ የተለካ ነገር የተለካ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከመሄድዎ በፊት የክፍሉን መምህር ያነጋግሩና የኬሚስትሪና የሒሳብ መጽሐፋቸውን ያገላብጡ። አይሶቶፕ ምን እንደሆነ ተምረው ከሆነ አምስት ደቂቃ ይተርፍዎታል፤ ካልተማሩ «ፖታሺየም ክብደታቸው የሚለያይ ዓይነቶች አሉት፣ ከ10 ሺህ አተሞች አንዷ ያህል የምትለወጠው ዓይነት ናት» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ይህ ከጤፉ 10 ሺህ ጋር እንዳይምታታ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዱ ቁጥር ከፖታሺየም ሁሉ፣ ሌላው ከፖታሺየም-40 ብቻ ነው። እኔ ብሆን ከሁለቱ አንዱን ብቻ እናገራለሁ፤ እሱም ጤፉ ነው።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። 15ቱን ስላይዶች ይተዉና ከ4 ያልበለጡ አዲስ ይሥሩ፦ የሐዳር ፎቶግራፍ፣ ከታችና ከላይ አመድ መሀል ላይም አጽሙ ያለበት የንብርብር ሥዕል፣ 5,730ና 1.25 ቢሊዮን ጎን ለጎን፣ በመጨረሻም 3.18 ከነ10 ሺው። እንጀራው 5 ደቂቃ፣ ሳንቲሙ 6፣ ጤፉና በሩ 7፣ ቁጥሩ 2 ደቂቃ ይውሰዱ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ የቀረውን በሙሉ ለጥያቄ ይተዉት እንጂ በተጨማሪ ይዘት አይሙሉት። ክፍሉ ከ60 ተማሪ በላይ ከሆነ ሳንቲሙ ጊዜ ስለሚበላ አንድ ረድፍ ብቻ ያስነሱ።

አስቀድመው በዘርፉ ላልሆነ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን፣ ያለ ስላይድ ይናገሩለትና በማግሥቱ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ያዳምጡት። በዕለቱ የሚያደርጉት ነገር ደግሞ ይኑር። ንግግሩ ሲያልቅ ለተማሪዎቹ ቁራጭ ወረቀት ያድሉና «የድንቅነሽ ዕድሜ እንዴት ታወቀ?» ለሚለው ስም ሳይጽፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲመልሱ ያድርጉ። «አመድ» የሚለው ቃል ከጠፋ እንጀራው አልሠራም፤ «ካርበን» ከበዛ ሳንቲሙ መታረም አለበት፤ «ፖታሺየሙ ግማሽ ሆነ» የሚል ካገኙ የካርበኑንና የፖታሺየሙን ሰዓት ሳይለዩ አልፈዋል ማለት ነው። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከመሄድዎ በፊት ያንን ክፍል ብቻ ያስተካክሉ።